ወደ ቤት ወይስ ወደቤት? በሚተየብ አማርኛ የሚጣበቀውና የሚለየው

ጥያቄ፦ «ለአንድ መጽሔት ጽሑፍ እተይባለሁ፤ አርታኢው ‹ወደቤት› ብዬ ስጽፍ ይለየዋል፣ ‹ስለ መጣ› ብዬ ስጽፍ ያጣብቀዋል። ‹ባለ›፣ ‹ያለ›፣ ‹እንደ› ላይ ደግሞ አንዴ እንዲህ አንዴ እንዲያ ነው። መቼ ነው የሚጣበቀው፣ መቼ ነው የሚለየው? የማያወላውል መመሪያ አለ?»

አርታኢዎ በሁለቱም ቦታ ልክ ነው፤ ሁለቱ እርማቶች አይጋጩም። አንደኛው ከስም በፊት፣ ሌላው ከግሥ በፊት ስለሆነ ነው።

በእርግጥ መጻሕፍትና ጋዜጦች በዚህ ጉዳይ እርስ በርስ አይስማሙም፤ አንዱ «ስለሀገር» ሲል ሌላው «ስለ ሀገር» ይላል። ስለዚህ ከዚህ በታች ያለው ከፊሉ ማንም የማይከራከርበት ነው፣ ከፊሉ ደግሞ የኔ ምርጫ ነው። የትኛው የትኛው እንደሆነ በቦታው እናገራለሁ።

ክርክር ከሌለበት ልጀምር። በ፣ ለ፣ ከ እና የ ባለ አንድ ፊደል ናቸው፤ ብቻቸውን ቆመው አያውቁም። «በቤት»፣ «ለልጁ»፣ «ከገበያ»፣ «የኢትዮጵያ»። የሚከተላቸው ቁጥር ቢሆንም ይጣበቃሉ፦ «በ2016 ዓ.ም.»፣ «ለ3ኛ ጊዜ»፣ «ከ5 ሰዓት በኋላ»። የጥቅስ ምልክት ቢሆንም እንዲሁ ነው፦ «በ‹አዲስ ዘመን› ጋዜጣ» እንጂ «በ ‹አዲስ ዘመን› ጋዜጣ» አይባልም። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ዓይኑ ከፊደል ወደ አኃዝ ሲሻገር ክፍተት የሚያስፈልግ ስለሚመስለው ነው። ክፍተት ከገባ ግን «በ» በመስመሩ ጫፍ ላይ ብቻዋን ልትቀርና «2016» ወደ ቀጣዩ መስመር ሊወርድ ይችላል።

አሁን ወደ አስቸጋሪዎቹ እንምጣ፤ ስለ፣ ወደ፣ እንደ፣ እስከ፣ ያለ፣ ባለ። እነዚህን ለመለየት ሁለት ፈተና ይበቃል።

የመጀመሪያው ፈተና መጋጠሚያውን ማየት ነው። ሁለቱ ቃላት ሲገናኙ አንድ ነገር ከተቆረጠ ወይም ፊደል ከተለወጠ መለየት አይቻልም፤ ምክንያቱም ከተቆረጠ በኋላ የቀረው ቁራጭ ብቻውን ቃል አይደለም። «ይህ» ከ«ስለ» ጋር ሲገናኝ «ስለዚህ» ይሆናል። «ዚህ» የሚባል ቃል የለም፤ ስለዚህ «ስለ ዚህ» ስህተት ነው። «ወደዚያ»፣ «እስከዚህ»፣ «እንደዚህ» ሁሉ በዚሁ ይገባሉ። «የሚሰጠው» ደግሞ ከ«ስለ» በኋላ «የ»ውን ይጥልና «ስለሚሰጠው» ይሆናል። «ሚሰጠው» ብቻውን በጽሑፍ ቋንቋ አይቆምም (በስልክ መልእክት ሰው «ሚገርም» ብሎ እንደሚጽፍ አውቃለሁ፤ እሱ ሌላ ጉዳይ ነው)። ስለዚህ «እንደሚመጣ»፣ «ወደሚሄድበት»፣ «ከሚያየው» ይጣበቃሉ። «እስከ» እና «ይመጣል» ሲገናኙ «እስኪመጣ» ይሆናል፤ እዚህ ላይ «ከ» ራሷ «ኪ» ሆናለች። «እንዲመጣ»፣ «ሲመጣ»፣ «ሳይመጣ»፣ «ሊመጣ» ላይ ደግሞ መለየት የሚያስብ የለም፤ ቢያስብም የሚለይበት ቦታ አያገኝም።

ይኸው ፈተና ከተውላጠ ስም ጋርም ይሠራል፤ እዚህ ግን ሁለት መልክ ስላለ ጸሐፊው ይመርጣል። «ስለ እሱ» ሙሉ መልክ ነው፣ ይለያል። «ስለሱ» ላይ «እ» ተቆርጣለች፣ ይጣበቃል። «እንደ እኔ» እና «እንደኔ»፣ «ወደ እኛ» እና «ወደኛ»፣ «ስለ አንተ» እና «ስላንተ» እንዲሁ። ሁለቱም ልክ ናቸው፤ ልክ ያልሆነው «ስለ ሱ» ወይም «እንደ ኔ» ብሎ ቁራጩን ለብቻው መተው ነው። ለመጽሔት ከሆነ ሙሉውን መልክ መርጦ በአንድ ጽሑፍ ውስጥ በዚያው መጽናት ይሻላል። ንግግር የሚጠቀስበት ቦታ ላይ ግን «ስላንተ» የተናጋሪውን ድምፅ ስለሚይዝ አይነካ።

ሁለተኛው ፈተና መጋጠሚያው ላይ ምንም ያልተለወጠ ሲሆን ነው፤ መሃል ላይ ቃል ማስገባት ይቻላል ወይ? «ወደ ቤት» ላይ «ወደ ትልቁ ቤት»፣ «ወደ ትልቁ የአያቴ ቤት» ማለት ይቻላል። «ወደ» የሚገዛው «ቤት»ን ብቻ ሳይሆን ሙሉውን ሐረግ ስለሆነ ተለይቶ ይቁም። «ስለመጣ» ላይ ግን «ቶሎ» የሚለውን መሃል ላይ ለማስገባት ይሞክሩ። «ስለ ቶሎ መጣ» አይባልም፤ «ቶሎ ስለመጣ» ነው የሚባለው። ቃሉ ወደ ፊት ተገፋ፤ «ስለ» ከግሡ ጋር ተጣብቋል ማለት ነው። አርታኢዎ «ወደቤት»ን ለይቶ «ስለ መጣ»ን ያጣበቀው በዚህ ምክንያት ይመስለኛል። (ይህ ፈተና ለባለ አንድ ፊደሎቹ አይሠራም። «በቤት» ላይ «በትልቅ ቤት» ይባላል፤ «በ» ግን ሄዳ አዲሱ ቃል ላይ ተለጠፈች እንጂ ብቻዋን አልቆመችም።)

ይህ የማስዋብ ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ ትርጉም የሚገለብጥበት ቦታ አለ። ብዙ የአማርኛ መጠሪያ ስሞች ግሥ ናቸው፦ ተሾመ፣ ደረሰ፣ ታደሰ፣ አበበ፣ ከበደ። «ስለ ተሾመ ጻፉ» ካልን ተሾመ ስለሚባል ሰው ጻፉ ማለት ነው። «ስለተሾመ ጻፉ» ካልን ሹመት ስላገኘ ጻፉ ማለት ነው። «እንደ ተሾመ» ካልን ከተሾመ ጋር ማመሳሰላችን ነው፤ «እንደተሾመ» ካልን ደግሞ መሾሙን ወይም የተሾመበትን ጊዜ መናገራችን ነው። አማርኛ ስምን በትልቅ ፊደል ስለማይጀምር አንባቢው የሚይዘው ምልክት ያቺን ክፍተት ብቻ ነው። ሁሉንም የሚያጣብቅም ሁሉንም የሚለይም ጸሐፊ ይህን ልዩነት ያጠፋዋል። ከስም በፊት መለየትን የምመርጥበት ዋናው ምክንያት ይሄ ነው።

መሃል ሰፋሪው እንደ «መምጣት» ያለው ነው። «ስለ መምጣቱ» ወይስ «ስለመምጣቱ»? «መምጣት» ከግሥ ቢወጣም ስም ነው። «ስለ ድንገተኛ መምጣቱ» ማለት ስለሚቻል በፈተናው መሠረት ይለያል፤ እኔም እለየዋለሁ። አጣብቆ የሚጽፈው ግን ብዙ ነው፤ ትርጉምም አያዛባም። አርታኢዎ የሚያጣብቀው ከሆነ በዚህ ላይ አይከራከሩት።

ከሥር መሠረቱ ተለያይተው ጀምረው አንድ ቃል የሆኑም አሉ። «እንደገና» ማለት ድጋሚ ነው፤ «እንደ ገና» ቢሉ ግን የገና በዓልን ያመጣሉ፦ «ጥምቀት እንደ ገና በየዓመቱ ይከበራል»። «ወደፊት» የሚመጣው ዘመን ነው። «ስለዚህ» ምክንያት አያያዥ ነው። እነዚህ መሃል ላይ ምንም አያስገቡም፤ ይጣበቁ።

«ባለ» በሁለቱም በኩል ይቆማል። «ባለቤት»፣ «ባለሙያ»፣ «ባለሥልጣን»፣ «ባለሀብት»፣ «ባለጉዳይ» አንድ ቃል ናቸው። «ባለቤቷ ታመመ» ስንል ባሏን ነው፤ «ባለ ትልቅ ቤት» ብንል ግን ትዳሩ ይጠፋና ትልቅ ቤት ያለው ሰው ይሆናል። ስለዚህ በ«ባለቤት» መሃል ቃል አይገባም። «ባለ» ብዙ ቃል ያለው ሐረግ ሲይዝ ግን ይለያል፦ «ባለ ሦስት ፎቅ ሕንፃ»፣ «ባለ 4 መኝታ ቤት»፣ «ባለ ረጅም እጅጌ ሸሚዝ»። እነዚህን ካጣበቁ «ባለሦስት» የሚባል ነገር ይፈጠራል፤ አንባቢው «ፎቅ» ላይ ሲደርስ ወደ ኋላ ተመልሶ ማንበብ ይገደዳል።

«ያለ» ላይ ደግሞ ሆን ብዬ ሕጉን እጥሳለሁ። «ያለ ውሃ» ሲነበብ ሁለት ነገር ነው፤ ውሃ ሳይኖር፣ ወይም የሚገኝ ውሃ። «ጠርሙሱ ውስጥ ያለ ውሃ» ላይ «ያለ» ግሥ ነው፤ ራሱን የቻለ ቃል ስለሆነ ይለያል። «ያለውሃ መኖር አይቻልም» ላይ ግን ትርጉሙ አለመኖር ነው፤ እሱን አጣብቀን ከጻፍነው ሁለቱ አይምታቱም። «ያለምንም ችግር»፣ «ያለአግባብ»፣ «ያለበቂ ምክንያት» ብለው የሚጽፉት ብዙዎች ስለሆኑ ይህ አዲስ ፈጠራ አይደለም። በሐረግም ሆነ በአንድ ቃል ፊት አለመኖርን የሚያሳየው «ያለ» ይጣበቅ።

ከኋላ የሚመጡት ይቀላሉ። ን፣ ም፣ ስ፣ እንዲሁም ብዙ ቁጥርና ባለቤትነትን የሚያሳዩት ሁሉ ይጣበቃሉ፦ «መጽሐፉን»፣ «እኔም»፣ «አንተስ?»፣ «መኪናዎች»። ሰው የሚሰናከለው «ና» ላይ ነው። «ና» የተቆረጠ «እና» ስለሆነች ከፊቷ ካለው ቃል ጋር ትጣበቃለች፦ «ዳቦና ሻይ»። ሙሉው «እና» ግን በሁለቱም በኩል ክፍተት ይዞ ይቆማል፦ «ዳቦ እና ሻይ»። «ዳቦ ና ሻይ» ብለው ከጻፉ ዳቦውን እየጠሩት ነው፤ «ና» ብቻዋን ስትቆም ትእዛዝ ናትና። «እኮ» እና «ኮ»ም በዚሁ መንገድ ይሄዳሉ፦ «እሱ እኮ ነግሮኛል»፣ «እሱኮ ነግሮኛል»።

ነው፣ ናቸው እና ነበር ግን ሙሉ ቃል ስለሆኑ ይለያሉ፦ «ትልቅ ነው»፣ «ሊሄዱ ነው»፣ «ይመጣ ነበር»፣ «ልከን ነበር»። «አለ» ግን ሁለት ዓይነት ነው። ረዳት ግሥ ሆኖ ሲሟሟ («ይመጣል»፣ «መጥቷል») የት እንደነበረ እንኳ አይታይም፤ «መምጣት አለበት» ላይ ግን ሙሉ ቃል ስለሆነ ይለያል። «ዝም አለ»፣ «ደስ አለው»፣ «ብድግ ብሎ» ሁሉ ሁለት ቃል ናቸው። «ምንድነው» እና «ማነው» በንግግር የተጣበቁ ናቸው፤ በመደበኛ ጽሑፍ «ምንድን ነው»፣ «ማን ነው» እጽፋለሁ። ላይ፣ ውስጥ፣ ጋር፣ በፊት እና በኋላ ደግሞ ሁልጊዜ ይለያሉ፦ «ጠረጴዛው ላይ»፣ «ከእሱ ጋር»፣ «ከመጣ በኋላ»።

እስኪ አንድ የተበላሸ ጽሑፍ እንይ፦

«ከ መስከረም ጀምሮ ባለሦስት ፎቁ ሕንፃ ውስጥ ስለ ሚሰጠው ትምህርት ወደሁሉም ወላጆች ደብዳቤ ልከንነበር። ወላጆች ና መምህራን ያለ ምንም ችግር እን ዲገናኙ እንደ ገና ቀጠሮ ይያዛል።»

ዘጠኝ ስህተት አለው። «ከ መስከረም» ባለ አንድ ፊደል ስለሆነ ይጣበቃል። «ባለሦስት ፎቁ» ሐረግ ስለያዘ ይለያል። «ስለ ሚሰጠው» «የ» የተቆረጠበት ስለሆነ ይጣበቃል። «ወደሁሉም ወላጆች» ከስም ሐረግ በፊት ስለሆነ ይለያል። «ልከንነበር» ሁለት ሙሉ ቃል ስለሆነ ይለያል። «ወላጆች ና» የተቆረጠ «እና» ስለያዘ ይጣበቃል፣ «ያለ ምንም» አለመኖርን ስለሚያሳይ ይጣበቃል። «እን ዲገናኙ» ላይ ሊከራከር የሚችል የለም። «እንደ ገና» ደግሞ ቀጠሮውን የገና በዓል ያስመስለዋል። ሲታረም፦

«ከመስከረም ጀምሮ ባለ ሦስት ፎቁ ሕንፃ ውስጥ ስለሚሰጠው ትምህርት ወደ ሁሉም ወላጆች ደብዳቤ ልከን ነበር። ወላጆችና መምህራን ያለምንም ችግር እንዲገናኙ እንደገና ቀጠሮ ይያዛል።»

ከእነዚህ ውስጥ «ከ መስከረም» እና «ወላጆች ና» ዓይነቶቹ ብዙ ጊዜ ካለማወቅ ሳይሆን ከስልክ የሚመጡ ናቸው። የስልኩ ኪቦርድ ከሚያቀርባቸው ቃላት አንዱን ሲመርጡ ከቃሉ በኋላ ክፍተት በራሱ ይጨምራል። «ወላጆች»ን መርጠው «ና» ሲያስከትሉ ክፍተቱ ቀድሞ ገብቷል፤ አጥፍተው መቀጠል አለብዎት። በስልክ ተጽፎ ወደ ኮምፒውተር የመጣ ጽሑፍ ስለዚህ አንድ ዙር ፍተሻ ያስፈልገዋል።

በሊብሬኦፊስ ከሆነ `Find & Replace` ከፍተው `Regular expressions` የሚለውን ምልክት ያድርጉና በ`Find` ቦታ ይህን ያስገቡ፦

```
(^|[\s«(])([በለከየ])\s+(?=\S)
```

በ`Replace` ቦታ ደግሞ፦

```
$1$2
```

ይህ ብቻዋን የቀረችውን በ፣ ለ፣ ከ ወይም የ ፈልጎ ከሚቀጥለው ቃል ጋር ያጣብቃል። `Replace All` ግን አይጫኑ፤ በ`Find Next` አንድ በአንድ ይሂዱ። ምክንያቱም «ለ» የመደብ ስምም ናት። «የ8ኛ ለ ተማሪዎች» የሚል ጽሑፍ ካለ በአንድ ጠቅታ «የ8ኛ ለተማሪዎች» ይሆንና ክፍሉ ይጠፋል። «ምርጫ ለ ትክክል ነው» የሚለውም «ምርጫ ለትክክል ነው» ይሆናል።

ከኋላ ለሚጣበቁት ሌላ ፍለጋ ይበቃል፦

```
\s(ን|ም|ስ|ዎች|ኦች)(?=[\s።፣፤]|$)
```

ይህን ለማግኘት ብቻ ይጠቀሙበትና በእጅ ያርሙ፤ «ቤት ኦች» ሲጣበቅ «ቤቶች» መሆን ስላለበት ክፍተቱን ማጥፋት ብቻ አይበቃም። «ና»ን ሆን ብዬ ከዝርዝሩ አውጥቻለሁ፤ «ወደዚህ ና» የሚለውን ከስህተቱ መለየት የሚችለው ዓይን ብቻ ነው።

ለ«ወደ»፣ «ስለ» እና «እንደ» በአንድ ጠቅታ የሚያርም ፍለጋ የለም። «ወደ»ን ከሚከተለው ፊደል ጋር ተጣብቆ ይፈልግ ቢሉት «ወደብ»ን፣ «ወደቀ»ን፣ «ወደደ»ን እና «ወደፊት»ን ሁሉ ያመጣል፤ «ስለ ተሾመ» ሰው ይሁን ሹመት ደግሞ ማሽኑ አያውቅም። እነዚህን አንድ በአንድ ማየት ግድ ነው፤ በአንድ መጽሔት ጽሑፍ ላይ ብዙ ሥራ አይሆንም።

የመጨረሻው የሚመለከተው ለይተው የሚጽፉትን ነው። «እስከ 2015» ወይም «ወደ ጎንደር» በመስመር ጫፍ ላይ ሊሰበርና «እስከ» ብቻዋን ልትቀር ትችላለች። በጠባብ የመጽሔት ዓምድ ላይ ይሄ በየገጹ ይታያል። ሰው «ወደጎንደር» ብሎ አጣብቆ የሚጽፈው አንዳንድ ጊዜ ይህን ለማስቀረት ነው፤ መፍትሔው ግን ቃሉን ማጣበቅ ሳይሆን ክፍተቱን መለወጥ ነው። በማይክሮሶፍት ወርድም ሆነ በሊብሬኦፊስ በተራው ክፍተት ፋንታ `Ctrl+Shift+Space` ሲጫኑ የማይሰበር ክፍተት ይገባል፤ ቃላቱ ተለያይተው ይታያሉ፣ መስመር ሲቀየር ግን አብረው ይወርዳሉ። ይህን የሚያደርጉት የገጹ አቀማመጥ ካለቀ በኋላ ቢሆን ይሻላል። ቀድመው ካስገቡት በኋላ ላይ በተራ ክፍተት «ወደ ጎንደር» ብለው ሲፈልጉ አንዳንድ ፕሮግራም ያንን ቦታ ይዘለዋል፤ ጽሑፉ ውስጥ የሌለ ሊመስልዎት ይችላል።